ከተቀዳ ስብሰባ የአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሪፖርት ማውጣት፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሻላል?

የሳምንቱ የፕሮጀክት ስብሰባ በዙም ተካሂዶ ተቀድቷል። ፋይሉ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው አንድ ገጽ ሪፖርት ይፈልጋሉ፤ በእያንዳንዱ ሥራ ፊት አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ የተደረገበት። ሪፖርቱን ጻፍ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሁሉ ልስማው ወይስ አልስማው?

በተግባር አራት መንገዶች አሉ። በስብሰባው ላይ በያዙት ማስታወሻ ጽፎ ቅጂውን ለማመሳከሪያ ብቻ መክፈት አንዱ ነው። ሁለተኛው ቅጂውን ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ። ሦስተኛው ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ገልብጦ ከጽሑፉ መሥራት። አራተኛው ደግሞ የየሥራው ባለቤቶች ቀለማቸውን ራሳቸው እንዲሞሉ አድርጎ ቅጂውን መፈተሻ ማድረግ ነው። ሁሉም ያዋጣሉ፤ ግን ለተለያየ ሰው።

በምን እንመዝናቸው?

ጊዜ ሁሉም ሰው የሚያስበው መመዘኛ ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ከእሱ የሚበልጡ ሦስት አሉ።

አንደኛው ቀንና ቁጥር በትክክል መያዙ ነው። በእኛ አገር ስብሰባ ላይ «በ15» ሲባል የትኛው 15 እንደሆነ ግልጽ አይደለም። ከወረዳ የሚደውለው ሰው ግንቦት 15ን ያስባል። ከውጭ ለጋሽ ጋር የሚሠራው ሜይ 15ን ያስባል፤ እሱ ግንቦት 7 ነው። ልዩነቱ ስምንት ቀን ነው፤ ቀለም ለመቀየር ከበቂ በላይ። «በሩብ ዓመቱ መጨረሻ»ም እንዲሁ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የለጋሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ ላይ።

ሁለተኛው የተሸፋፈነ ችግርን መያዙ ነው። ሰው በስብሰባ ላይ «ቀይ ነኝ» አይልም። «በሂደት ላይ ነው» ይላል። «ይታያል»፣ «ይላካል»፣ «እየተነጋገርንበት ነው» ይላል። ማን እንደሚያየው፣ ማን እንደሚልከው አይነገርም። ባለቤት የሌለው ግሥ በሰማችሁ ቁጥር እዚያ ጋ ሥራ ቆሟል ብላችሁ ጠርጥሩ። እንዲህ ያለውን ንግግር እንዳለ የሚገለብጥ ሪፖርት በሙያው ሀብሀብ ይባላል፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ሲቆረጥ ቀይ።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ቀይ ያደረጋችሁበት ሰው መደወሉ አይቀርም። ያን ጊዜ «በ44ኛው ደቂቃ ላይ የተባለውን ስማው» ማለት መቻል አለባችሁ።

ከመንገዱ በፊት ቀለሙ

ቀለሞቹ ምን ማለት እንደሆኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተቀመጠ የትኛውም መንገድ አያድንም። አንዱ የሦስት ቀን መዘግየትን ቢጫ ይለዋል፤ ሌላው አንድ ወር ዘግይቶም አረንጓዴ ነኝ ይላል። ለመካከለኛ ፕሮጀክት የሚከተለው ይበቃል። ቁጥሮቹን እንደየሥራችሁ ለውጡ።

አረንጓዴ፦ በዕቅዱ ላይ ነው፤ ወይም እስከ ሦስት ቀን ቢዘገይም ተከታዩን ሥራ አይነካም። ቢጫ፦ ከአራት እስከ አሥራ አራት ቀን ዘግይቷል፤ ነገር ግን ቡድኑ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የሚያስተካክለው ሰውና ቀኑ ይታወቃል። ቀይ፦ ከዚያ በላይ ዘግይቷል፤ ወይም ቀኑ ትንሽም ቢሆን ከቡድኑ በላይ ያለ ሰው ውሳኔ ካልሰጠ አይንቀሳቀስም።

የመጨረሻዋን ሐረግ አስምሩባት። ቀይ የመዘግየት ቅጣት አይደለም። «እኛ የምንችለውን ጨርሰናል፣ አሁን እናንተ ግቡበት» የሚል ጥሪ ነው። ኃላፊዎች ሪፖርቱን የሚያነቡት ለዚህ ነው፤ አረንጓዴውን አይተው ያልፉታል።

አንድ ስብሰባ፣ አራት ሪፖርት

መንገዶቹን በአንድ ምሳሌ ላይ እንፈትናቸው። ለስድስት ጤና ጣቢያዎች የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያንቀሳቅስ የፀሐይ ኃይል ይተከላል እንበል። ስብሰባው የተካሄደው ሚያዝያ 28 ነው። በዕቅዱ መሠረት ባትሪዎቹ ግንቦት 8 መጋዘን መግባት አለባቸው። ተከላው ለአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ተኩል ይወስዳል፤ ለስድስቱ ዘጠኝ ቀን ማለት ነው።

በ12ኛው ደቂቃ ላይ የሎጂስቲክሱ ባለሙያ እንዲህ ይላል፦ «ባትሪዎቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብተዋል። ትንሽ ወረቀት ነው የቀረው፤ ችግር የለም። በ15 እጃችን ይገባሉ።»

በ31ኛው ደቂቃ የመስክ ቡድን መሪዋ ትናገራለች፦ «ብረቱን ስድስቱም ጋ ገጥመን ጨርሰናል። ባትሪ ሳይመጣ ግን ሰው አላንቀሳቅስም። መኪናው ደግሞ የእኛ የሚሆነው ከግንቦት 10 እስከ 20 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ መጨረሻ ለሌላ ሥራ ተይዟል።»

በ44ኛው ደቂቃ፣ ሰዉ ሊበተን ሲል፣ የፋይናንሱ ሰው፦ «የቀረጥ ነፃ መጠየቂያ ደብዳቤው እንግዲህ... ኃላፊው መስክ ላይ ናቸው። ሲመለሱ ይታያል።» ሰብሳቢው «እሺ፣ ሌላስ?» ብሎ ያልፋል።

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ነው የተናገሩት፤ ማንም ዋሽቶ አይደለም። ችግሩ ያለው ግን ሦስቱ ንግግሮች በሚገጥሙበት ቦታ ላይ ነው።

1. በማስታወሻ መጻፍ፣ ቅጂውን ለማመሳከር

እጅግ ፈጣኑ ይህ ነው። ስብሰባው ላይ እያላችሁ በወረቀት ትይዛላችሁ፤ ሲያልቅ የያዛችሁትን ታስተካክላላችሁ። በዚህ መንገድ የ12ኛው ደቂቃ ማስታወሻ «ባትሪ፦ ሞጆ፣ በ15 ይደርሳል» የሚል ይሆናል። ጸሐፊው 15ን ሜይ ነው ብሎ ካሰበ ከዕቅዱ አንድ ቀን ይቀድማል፤ አረንጓዴ። የ44ኛውን ደቂቃ ምናልባት ጭራሽ አልያዘውም፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑን እየዘጋ ነበር።

መንገዱን የሚያሻሽል ቀላል ዘዴ አለ። ቀን፣ ቁጥር ወይም «ይታያል» የሚል ቃል በተሰማ ቁጥር ከማስታወሻው ጎን ደቂቃውን ጻፉ። ስትጽፉ 12፣ 31፣ 44 ብቻ ብትጽፉ እንኳ በቂ ነው። ከስብሰባው በኋላ እነዚያን ቦታዎች ብቻ ትከፍታላችሁ። በቪኤልሲ ማጫወቻ በዊንዶውስ ላይ `Ctrl+T` ተጭናችሁ ደቂቃውን ስታስገቡ በቀጥታ ወደዚያ ይወስዳችኋል። `Shift` ይዛችሁ የግራ ቀስቱን ስትጫኑ ሦስት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀን ሲባል በደንብ ያልተሰማን ቃል ለመድገም ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ፕሮጀክቱን ከውስጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ መንገድ ይበቃዋል። ስብሰባው ላይ ላልነበረ ሰው ግን ጭራሽ አይሆንም። በሌላ ሰው ማስታወሻ ቀለም መስጠት ነገሩን ሾላ በድፍን ያደርገዋል።

2. ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ

የአንድ ሰዓት ድምፅ ቆም እያሉ ሲሰማ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ብዙዎችን ያስፈራል። ሆኖም አንዴ ሙሉውን በዝግታ ከመስማት ሁለት ጊዜ መስማት ይሻላል። መጀመሪያ በአንድ ተኩል ፍጥነት ምንም ሳትጽፉ ስሙት፤ ደቂቃ ብቻ መዝግቡ። በቪኤልሲ ላይ `]` ያፈጥናል፣ `[` ያዘገያል፣ `=` ወደ ነበረበት ይመልሳል። ቀጥሎ ወደ መዘገባችኋቸው ቦታዎች ብቻ ተመለሱና በመደበኛ ፍጥነት ስሙ።

ሲመለሱ በሰው ቅደም ተከተል ሳይሆን በሥራው መመለስ ነው ዋናው ነገር። ስለ ባትሪ የተባለውን ሁሉ፣ ማንም ይናገረው፣ በአንድ ሉህ ላይ ታሰባስባላችሁ። ሦስቱ ደቂቃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚገለጠው።

እስቲ እንሥራው። መጀመሪያ «በ15» የትኛው ነው? ደጋግሞ መስማት አይፈታውም፤ በስልክ ነው የሚፈታው። ደወላችሁ ጠየቃችሁ፤ ግንቦት 15 ነው አለ። ከዕቅዱ ሰባት ቀን ዘገየ ማለት ነው። በቀን ብቻ ከሄድን ቢጫ ነው። አሁን የ31ኛውን ደቂቃ ጨምሩበት። ባትሪው ግንቦት 15 ቢገባ ከመኪናው የሚቀረው ከግንቦት 16 እስከ 20 ያለው አምስት ቀን ነው። በአምስት ቀን የሚያልቀው ሦስት ጤና ጣቢያ ነው። የቀሩት ሦስቱ መኪናው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። መኪናው የሚመለሰው በሰኔ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፤ ክረምቱም ገብቷል፤ የጭቃ መንገድ ላይ ባትሪ ጭኖ መሄድ ምን እንደሚመስል የመስክ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ የሰባት ቀን መዘግየት ለግማሹ ሥራ ከአንድ ወር በላይ ሆነ።

በመጨረሻ 44ኛውን ደቂቃ ጨምሩ። «ትንሽ ወረቀት» የተባለው ለካ ያልተፈረመ ደብዳቤ ነው። ፈራሚው ከቡድኑ በላይ ናቸው። የሚመለሱበት ቀን አልተነገረም። ግንቦት 15 ራሱ ተስፋ እንጂ ቀን አይደለም። ቀይ።

ይህ መንገድ ሌላው የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ድምፁን። ከ«እንግዲህ» በኋላ የመጣችውን ዝምታ ወረቀት አይዛትም። ሰው «እ...» ብሎ ሲያመነታ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ሊገባ ሞክሮ ሲተው፣ እዚያ ጋ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ማመንታት ግን ማስረጃ አይደለም። «ያመነታ ስለነበር ቢጫ አድርጌዋለሁ» ተብሎ አይጻፍም። ደውሎ ለመጠየቅ ምክንያት ብቻ ነው።

3. ወደ ጽሑፍ መገልበጥ

ትልቁ ጥቅሙ ፍለጋ ነው። «ባትሪ» ብላችሁ ስትፈልጉ 12ኛውና 31ኛው ደቂቃ ይወጣሉ፤ 44ኛው ደግሞ «ደብዳቤ» ስትሉ ይወጣል። ማስረጃም አያስቸግርም።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ለአንድ ሰዓት ድምፅ የለመደ ገልባጭ አራት ሰዓት ያህል ይፈልጋል የሚባለው የጠራ ቀረጻ ሲሆን ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥና ሰው በሰው ላይ ሲናገር ከዚያ ያልፋል። የስብሰባ ፕሮግራሞች ራሳቸው የሚያወጡት ጽሑፍ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀላቀሉ ይደናበራል። እኛ ደግሞ «ዴሊቨሪው ስሊፕ አድርጓል» ሳንል አንውልም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀኑ፣ ቁጥሩና የቦታው ስም ነው፤ ማለትም ለሪፖርቱ የሚያስፈልገው። ስለዚህ ከጽሑፉ ወደ ሪፖርቱ የሚገባ እያንዳንዱ ቁጥር መልሶ በጆሮ መረጋገጥ አለበት።

ሌላም ጣጣ አለው። የተገለበጠ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በስብሰባ ላይ በነፃነት የተነገረ ነገር ሰነድ ሆኖ ሲዞር በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አፉን አይከፍትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው ድምፅና ንግግር እንደ ልብ የሚዘዋወር ነገር አይደለም። ቅጂውም ሆነ ግልባጩ ከሪፖርቱ ጋር አይያያዝ፤ ደቂቃው ብቻ ይጠቀስ።

ለሳምንታዊ ሪፖርት አልመክረውም። ጭቅጭቅ ያለበት ውል፣ የኦዲት ጥያቄ ወይም የለጋሽ ምርመራ ካለ ግን ሌላ አማራጭ የለም። ያን ጊዜም ቢሆን ሙሉውን ሳይሆን የሚያከራክረውን ሥራ የሚመለከቱ ደቂቃዎችን ብቻ ማስገልበጥ ይቻላል።

4. ባለቤቶቹ ራሳቸው ይሙሉት

አጭር ቅጽ ትልካላችሁ፦ ሥራው፣ ቀለሙ፣ አዲሱ ቀን፣ የሚያስፈልገው ውሳኔ። ከዚያ የሞሉትን ከቅጂው ጋር ታስተያያላችሁ። ቀኑን ራሳቸው ስለሚጽፉት የ15 ግራ መጋባት ይቀንሳል፤ ቅጹ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብላችሁ ከጻፋችሁበት ጨርሶ ይጠፋል።

ድክመቱ የታወቀ ነው። ሰው ለራሱ ቀይ አይሰጥም። በምሳሌያችን ሎጂስቲክሱ ቢጫ ይሞላል፤ ከእሱ አንፃር ልክ ነው፤ መኪናው የእሱ ጉዳይ አይደለማ። የመስክ መሪዋ ብረት መግጠሙን ስለጨረሰች አረንጓዴ ትሞላለች። ሁለቱም እውነት ሞልተው ድምሩ ውሸት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጹን ብቻ ገጣጥሞ መላክ አይበቃም። ቅጹ ላይ የተጻፈውና በስብሰባው የተባለው የማይገጥምበት ሥራ ላይ ቀለሙን የሚወስነው ጸሐፊው ነው፤ ከመላኩ በፊት ግን ለባለቤቱ ይነግረዋል።

በአንድ እይታ

| መንገድ | ለ1 ሰዓት ቅጂ የሚወስደው | ቀንና ቁጥር | የተሸፋፈነ ችግር | ማስረጃ | በምሳሌው የወጣው ቀለም |
|---|---|---|---|---|---|
| ማስታወሻና ማመሳከር | 1 ሰዓት ገደማ | ደቂቃ ከተያዘ ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ | አረንጓዴ |
| ሙሉ ማዳመጥ | ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ቀይ |
| መገልበጥ | 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ሪፖርቱ ሳይጨመር | በጆሮ ከተረጋገጠ ጥሩ | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ሦስቱን ላገናኘ ቀይ |
| ቅጽና መፈተሽ | ለጸሐፊው 1 ሰዓት፣ መልስ እስኪመጣ አንድ ቀን | በጣም ጥሩ | ደካማ፣ ካልተፈተሸ | ጥሩ | ቢጫ |

ለማን የትኛው?

ስብሰባው ላይ ከነበራችሁና ፕሮጀክቱ ከአምስት የማይበልጡ ሥራዎች ካሉት በመጀመሪያው መንገድ ሂዱ፤ ደቂቃ መያዝ ግን ግዴታ ይሁን። ወጪ የለውም፤ ወረቀትና ቪኤልሲ በነፃ ናቸው።

ስብሰባው ላይ ካልነበራችሁ፣ ወይም ፕሮጀክቱን ገና እየተረከባችሁ ከሆነ፣ ሁለተኛው ነው የሚያዋጣው። ሁለት ሰዓቱ አይቆጫችሁም። ጊዜ ካጠረ ከመጨረሻው ሩብ ጀምሩ። ሰው የሚያሳፍረውን ነገር የሚያነሳው «ሌላስ?» ሲባል ነው።

ብዙ ቦታ የተበተነ ቡድን ያለው፣ አሥርና አሥራ አምስት ሥራ በአንዴ የሚከታተል ሰው አራተኛውን ከሁለተኛው ጋር ያዳቅል። ቅጹ ላይ አረንጓዴ የተሞላውን ሁሉ ሳይሆን አንዱ ሥራ ሌላውን የሚጠብቅበትን ቦታ ብቻ በቅጂው ይፈትሽ። እኔ ብጠየቅ ለአብዛኛው መሥሪያ ቤት የምመርጠው ይህንን ነው።

በጀት ያለውና ክርክር ያለበት ብቻ ገልባጭ ይቅጠር።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የቀይ መስመር ሲጻፍ መምሰል ያለበት እንዲህ ነው፦

> የባትሪ ርክክብ፦ ቀይ (ባለፈው ሳምንት ቢጫ)። ባትሪዎቹ ሞጆ ደረቅ ወደብ ናቸው። የቀረጥ ነፃ መጠየቂያ ደብዳቤው አልተፈረመም። መኪና ያለን ከግንቦት 10 እስከ 20 ነው፤ ባትሪው ግንቦት 15 ቢገባ ከ6 ጤና ጣቢያዎች 3ቱ ብቻ ይተከላሉ፤ የቀሩት ወደ ክረምትና ወደ አዲሱ በጀት ዓመት ይሻገራሉ። የሚጠየቀው ውሳኔ፦ ደብዳቤውን ተወካይ እስከ ግንቦት 2 እንዲፈርም፤ ካልሆነ መኪናው ከግንቦት 20 በኋላ ለ5 ቀን እንዲራዘምልን። (ቅጂ፦ ደቂቃ 12፣ 31፣ 44)

«መዘግየት አጋጥሟል፣ ክትትል እየተደረገ ነው» የሚል ቃል እንደሌለበት ልብ በሉ። የባለሙያ ስምም የለበትም፤ ማን ምን እንዳለ ሳይሆን ምን እንደቀረና ማን መወሰን እንዳለበት ነው የተጻፈው። አምስት ቀን የተባለውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ለቀሩት ሦስት ጤና ጣቢያዎች አራት ቀን ተኩል ስለሚያስፈልግ ነው።

ይህን መስመር ከመላካችሁ በፊት ለሎጂስቲክሱ፣ ለመስኩና ለፋይናንሱ ሰው አስነብቡት፤ የግማሽ ሰዓት ጊዜ ስጡ። «ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ተፈርሟል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ከመጣ የተፈረመውን ደብዳቤ ፎቶ ጠይቁ፤ ባትሪው ግንቦት 8 ይደርስ እንደሆነም አብራችሁ አረጋግጡ፤ ከዚያ ቀለሙን ቀይሩ። ፎቶው ካልመጣ ቀይ እንደሆነ ይሂድ።